እያንዳንዱ ብር የየትኛው ሥራ ነው?

ፕሮፖዛል ለጋሹ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ልምድ ያለው ገምጋሚ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚገልጠው በጀቱን ነው። በጽሑፉ ላይ ሁሉም ድርጅት ጎበዝ ነው፤ ችግሩን አሳምሮ ይተርካል፣ የሚመጣውንም ለውጥ አድምቆ ይስላል። ሥራው በእርግጥ ታስቦበት እንደሆነና እንዳልሆነ የሚታየው ግን በጀቱ ላይ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ «ነዳጅ» የሚል መስመር ካለ፣ የት ለመሄድ? ስንት ጊዜ? ማንን ይዞ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ከሰንጠረዡ ጋር አብሮ የሚቀርበው የበጀት ማብራሪያ ነው። ብዙ ድርጅቶች ይህን ማብራሪያ የሚጽፉት በመጨረሻዋ ሌሊት ነው፤ የሚጽፉትም ሰንጠረዡ ላይ ያለውን በዓረፍተ ነገር እየደገሙ ነው። «ነዳጅ ለፕሮጀክቱ ተሽከርካሪ አስፈላጊ ነው» ይላል። ይህን ገምጋሚውም ያውቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቅጹ ነው። የለጋሾች ቅጽ ወጪን የሚደረድረው በዓይነቱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የሚጠየቅበት ኤስኤፍ-424ኤ የተባለው ቅጽ መስመሮቹ ደመወዝ፣ ጥቅማ ጥቅም፣ ጉዞ፣ ዕቃ፣ ውል፣ ግንባታ እያሉ ይወርዳሉ። የአውሮፓ ኅብረት ቅጽም ከሰው ኃይል ይጀምርና ወደ ጉዞ፣ ወደ መሣሪያ፣ ወደ ቢሮ ያልፋል። ፕሮጀክቱ የታሰበው ግን በተግባር ነው፤ መጀመሪያ ጥናት፣ ቀጥሎ ግንባታ፣ ከዚያ ሥልጠና፣ በኋላ ክትትል። ስለዚህ አንዱ ሥልጠና ሰንጠረዡ ላይ ሲደርስ ይበታተናል፤ አበሉ ጉዞ ውስጥ፣ ደብተሩ ዕቃ ውስጥ፣ አዳራሹ «ሌሎች» ውስጥ ይገባል። ገምጋሚው ሥልጠናው በጠቅላላ ስንት እንደሚፈጅ ማወቅ ቢፈልግ ሰንጠረዡ አይነግረውም። የተበተነውን መልሶ የሚሰበስብ ማብራሪያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቅጽ ለዚሁ ሲል ሁለተኛ ገጽ አለው፤ በአንዱ ዓምድ ወጪው ምን እንደሆነና ለምን እንዳስፈለገ፣ በሌላው ደግሞ ዋጋው እንዴት እንደተሰላ ይጻፍበታል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ አነስተኛ የልማት ማኅበር በአንድ ወረዳ ሦስት ቀበሌዎች ውስጥ ሦስት ምንጮችን ሊያጎለብት ነው እንበል። ሥራው አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ተግባሮቹም አራት ናቸው። ጥናትና ዲዛይኑን ተ1፣ ግንባታውን ተ2፣ የውኃ ኮሚቴዎቹን ሥልጠና ተ3፣ ክትትልና ርክክቡን ተ4 እንበላቸው። (ዋጋዎቹ ሁሉ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጎ እንዳይወስዳቸው አንባቢን አደራ እላለሁ።) በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሥልጠናው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ለውኃ ኮሚቴዎች ሥልጠና፣ በድምሩ 85,000 ብር።»

ይህች መስመር ከየት መጣች? ከግምት። አስተባባሪው ባለፈው ዓመት ከተሰጠ ሥልጠና ተነስቶ ትንሽ ጨመረበት። አሁን እንፍታት። በአንድ ምንጭ ሰባት የኮሚቴ አባላት አሉ፤ ለሦስቱ 21 ሰው። ሥልጠናው በወረዳው ከተማ ለሦስት ቀን ነው። የውሎ አበል በቀን 600 ብር ቢታሰብ ለ21 ሰው በሦስት ቀን 37,800 ብር ይሆናል። የደርሶ መልስ ትራንስፖርት በሰው 300 ብር፣ 6,300። ምሳና ሻይ በቀን 300 ብር ለ24 ሰው፣ ማለትም ለሠልጣኞቹ፣ ለሁለት አሠልጣኞችና ለአስተባባሪው፣ 21,600። አዳራሽ በቀን 2,000 ብር፣ 6,000። ሁለት አሠልጣኞች አንድ የዝግጅት ቀን ተጨምሮላቸው በአራት ቀን፣ በቀን 1,000 ብር፣ 8,000። ደብተር፣ እስክሪቢቶና መመሪያ ለ21 ሰው በ150 ብር፣ 3,150። ድምሩ 82,850 ብር።

ሁለት ነገር ወዲያው ብቅ ይላል። አንደኛው፣ ከ85,000 ውስጥ 2,150 ብሩ ባለቤት የለውም። ቁጥሩን ክብ ለማድረግ የገባ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አበሉ የምግብንም የማደሪያንም ወጪ የሚሸፍን ሆኖ ሳለ ምሳና ሻይ ለብቻው ተይዟል። አንድ ሰው አንድ ምሳ ሁለት ጊዜ ተከፍሎለታል ማለት ነው። ይህን የፈጸመው ክፋት አይደለም፤ አበሉ አንዱ ገጽ ላይ፣ ምግቡ ሌላው ገጽ ላይ ስለነበሩ ማንም ጎን ለጎን አላያቸውም። ወጪዎቹ በተግባራቸው ሥር ሲሰባሰቡ ግን መደበቂያ የላቸውም። አበሉ ለራትና ለማደሪያ ብቻ ተብሎ ወደ 350 ብር ሲወርድ 22,050 ይሆናል፤ የሥልጠናውም ድምር 67,100 ብር ላይ ይረጋል።

አሁን ማብራሪያውን መጻፍ ከባድ አይደለም፤ የሚሉት ነገር ተገኝቷልና። እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«ተ3። በአንድ ምንጭ ሰባት፣ በድምሩ 21 የውኃ ኮሚቴ አባላት በወረዳው ከተማ ለሦስት ቀን ስለ ጥገና፣ ስለ ክፍያ አሰባሰብና ስለ ሒሳብ አያያዝ ይሠለጥናሉ። ምሳና ሻይ ፕሮጀክቱ ስለሚያቀርብ የውሎ አበሉ ለራትና ለማደሪያ ብቻ በቀን 350 ብር ታስቧል። ትራንስፖርቱ ከቀበሌዎቹ እስከ ወረዳው ከተማ ባለው የሕዝብ ማመላለሻ ታሪፍ ተሰልቷል። የአዳራሹና የምግቡ ዋጋ ከሦስት አቅራቢዎች ከተሰበሰበ ፕሮፎርማ ዝቅተኛው ነው። አሠልጣኞቹ ከወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት የሚመጡ ሁለት ባለሙያዎች ናቸው፤ የተያዘላቸው በድርጅቱ መመሪያ የተወሰነው አበል ነው።»

ጽሑፉ ውስጥ «አስፈላጊ» የሚል ቃል የለም። ወጪው የየትኛው ተግባር እንደሆነ፣ ብዛቱ ከየት እንደመጣ፣ ዋጋው በምን እንደተደገፈ ብቻ ይላል። ብዛቱ ከፕሮፖዛሉ ጋር መግጠም አለበት። ጽሑፉ «21 የኮሚቴ አባላት» እያለ በጀቱ 25 ሰው ቢያበላ፣ ገምጋሚው አራቱ እነማን ናቸው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጊዜውም እንዲሁ። የሥራ መርሐ ግብሩ ግንባታውን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ካደረገው፣ በሐምሌ ለግንባታ ቁጥጥር የተያዘ ጉዞ ለማን ነው?

የተሽከርካሪው ነገር ደግሞ ትንሽ ብልሃት ይፈልጋል፤ መኪናው ለሁሉም ተግባር ይሮጣልና። ብዙ ጊዜ የሚደረገው በወር ይህን ያህል ነዳጅ ብሎ በ12 ማባዛት ነው። ወር ግን ተግባር አይደለም፤ ነዳጅ የሚጠጣው ጉዞ ነው። ስለዚህ ጉዞዎቹን እንቁጠር። ለጥናት ወደ እያንዳንዱ ምንጭ አንድ ጊዜ፣ ሦስት ጉዞ። ግንባታው አራት ወር ይፈጃል፤ በወር ሁለት ጊዜ ለየምንጩ ቁጥጥር ከተደረገ 24 ጉዞ። ከግንባታው በኋላ ኮሚቴዎቹን ለማየት በየምንጩ ሁለት ጊዜ፣ ስድስት ጉዞ። ባጠቃላይ 33። ደርሶ መልሱ በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ከሆነና መኪናው በገጠር መንገድ በአንድ ሊትር ስድስት ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ 1,980 ኪሎ ሜትር በ330 ሊትር ይሸፈናል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 30 ሊትሩ የተ1፣ 240ው የተ2፣ 60ው የተ4 ነው። ሊትሩን በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ ማባዛት ብቻ ይቀራል፤ ዋጋው ቢጨምር እንኳ ሊትሩ አይለወጥምና ለጋሹን ማስረዳት ቀላል ነው። ሥልጠናው ነዳጅ የለውም፤ ሠልጣኞቹ በሕዝብ ማመላለሻ ይመጣሉ። ይህን በአንድ ሐረግ መናገር ይጠቅማል፣ አለበለዚያ የተረሳ ይመስላል።

ጉዞዎቹ ሲቆጠሩ ከበጀቱ የጎደለም ነገር ይገኛል። ከምንጮቹ አንዱ መኪና ከሚደርስበት ቦታ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀት ላይ ቢሆን፣ ሲሚንቶውና ቧንቧው ከመኪናው ወርዶ በአህያ ጀርባ ነው የሚሄደው። በጀቱ ላይ ግን «የሲሚንቶ ማጓጓዣ» ተብሎ እስከ ወረዳው ከተማ ድረስ ያለው ብቻ ተይዟል። በዓይነት ብቻ የተደረደረ በጀት ይህን ክፍተት አያሳይም። ተግባሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይነ ልቡና የተከተለ ሰው ግን ከመኪናው መቆሚያ በኋላ «ከዚህስ?» ማለቱ አይቀርም። የአህያ ኪራዩን ማኅበረሰቡ የሚችለው ከሆነም በገንዘብ ተተምኖ የማኅበረሰቡ ድርሻ ተብሎ ይጻፋል፤ ዝም አይባልም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ደመወዝ ነው። አስተባባሪው ወር ሙሉ ይከፈለዋል እንጂ በተግባር አይከፈለውም። እዚህ ላይ የተለመደው «የፕሮጀክት አስተባባሪ፣ 60 በመቶ» ብሎ ማለፍ ነው። ይህ 60 ከየት መጣ? በእኛ ምሳሌ ደመወዙ 25,000 ብር ይሁን፤ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨመር 27,750 ይሆናል። ከዚያ ሥራውን በተግባር እንዘርዝር፦ ለጥናቱ አንድ ወር፣ ለግንባታው አራት ወር፣ ለሥልጠናው 0.7 ወር (ሦስት ሳምንት ገደማ)፣ ለክትትልና ርክክቡ 1.5 ወር፤ ድምሩ 7.2 ወር። የ12 ወር 60 በመቶ ይኸው ነው፤ ወጪውም 199,800 ብር ይመጣል። እንዲህ ሲቀርብ መቶኛው ከሥራ የተወለደ እንጂ ለደመወዙ ማሟያ የተፈለገ አይመስልም።

ቀሪው 40 በመቶ የማን እንደሆነም ማሰብ ግድ ነው። በአንድ ድርጅት ሦስት ፕሮጀክቶች ቢኖሩና ሦስቱም በየራሳቸው በጀት የዚያኑ ሰው 60 በመቶ ቢይዙ ሰውየው 180 በመቶ ይሠራል። አንድ ለጋሽ ብቻውን ይህን ላያየው ይችላል፤ የድርጅቱን ሒሳብ በሙሉ የሚመረምር ኦዲተር ግን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን ከየፕሮጀክቱ ሪፖርት ጋር ሲያመሳክር ያገኘዋል። የዚያን ጊዜ የሚጠየቀው የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ ነው። ማብራሪያው በተግባር የተከፋፈለ ከሆነ መመዝገቢያውም በዚያው ልክ ይሞላል፤ ካልሆነ ከዓመት በኋላ ቁጭ ብሎ በግምት መሙላት ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ከስሕተት አልፎ ወደ ማጭበርበር የሚያስጠጋ ነገር ነው።

እንግዲህ ሁሉም ወጪ በግድ ከተግባር ይታሰር ማለት አይደለም። ይህን የምለው ምክሩን ሰምተው ከልክ የሚያልፉ ስላሉ ነው። የዘበኛው ደመወዝ፣ የዋናው ቢሮ ኪራይ፣ የዓመታዊ ኦዲት ክፍያ ከምንጭ ግንባታ ጋር በምን ይገናኛሉ? አንዳንዱ «ዘበኛው የግንባታ ዕቃ ይጠብቃል» ብሎ ወደ ተ2 ያስገባዋል። ዕቃው ያለው ቀበሌ ውስጥ፣ ዘበኛው ያለው ከተማ ውስጥ! እንዲህ ያለው ማያያዣ የሌሎቹንም መስመሮች ተአማኒነት ይዞ ይወድቃል። እነዚህ አስተዳደራዊ ወጪዎች ናቸው፤ ቦታቸውም ለእነሱ በተተወው መስመር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ይህ መስመር ብዙውን ጊዜ ከቀጥተኛ ወጪው 7 በመቶ አይበልጥም።

በአገራችን ይህ ክፍፍል የሕግም ጉዳይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪን በ30 በመቶ ሲገድብ፣ የአፈጻጸም መመሪያው ለሥልጠናና ለክትትል የሚወጣውን ብዙ ወጪ ጭምር አስተዳደራዊ ያደርገው ስለነበር ድርጅቶች አጥብቀው ያማርሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋሙ ድርጅቶችን ጣሪያ 20 በመቶ አድርጎ፣ አስተዳደራዊ ወጪን ከፕሮጀክት ተግባር ጋር ያልተያያዘ ነገር ግን ለድርጅቱ ህልውና የሚያስፈልግ ብሎ ተርጉሞታል። ልብ ይበሉ፤ መለያው ከተግባር ጋር መያያዙ ነው። የአስተባባሪው ጉዞ በማብራሪያው ላይ ከተ2 ጋር በግልጽ ካልተያያዘ፣ አስተዳደራዊ አይደለም ብሎ መከራከሪያው ምንድን ነው?

«ልዩ ልዩ» የሚለውን መስመር በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ይውጣ። ያልታሰበ ነገር ይመጣል ብሎ የሚሰጋ ሰው መጠባበቂያ የሚባል ሕጋዊ ቦታ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ እስከ 5 በመቶ ይፈቅዳል፤ ይህን ገንዘብ ለመንካት ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈቀድ ግድ ነው።

ማብራሪያው ከመጻፉ በፊት ኤክሴሉ ላይ የሚሠራ አንድ ቀላል ሥራ አለ። ለጋሹ ከሚጠይቀው ሰንጠረዥ ጎን የራስን መሥሪያ ገጽ ከፍቶ፣ በአንድ ዓምድ ለእያንዳንዱ ወጪ የተግባሩን ምልክት መጻፍ ነው። የጋራ ወጪ ከሆነ፣ እንደ ነዳጁ፣ መስመሩ በተግባሮቹ ቁጥር ይከፈላል። ምልክቱ ቢ ዓምድ ላይ፣ ብሩ ኤች ዓምድ ላይ ከሆነ የሥልጠናውን ጠቅላላ ወጪ የሚሰበስበው ይህ ነው፦

```
=SUMIF(B:B,"ተ3",H:H)
```

ምልክቱ በፊደል ቢጀምር ይሻላል። ባዶ ቁጥር ከሆነ 1.10 ተብሎ የተጻፈው ተግባር ለኤክሴል 1.1 ነው፤ የሁለቱን ወጪ ሳያስታውቅ ይደምረዋል።

ከዚያ በሁለት አቅጣጫ ማየት ነው። ቢ ዓምድ ላይ ባዶ የቀረ መስመር አለ? በመጀመሪያው ረቂቅ ሁለት ላፕቶፖች እንዲህ ቀርተው ቢገኙ፣ ወይ አንዱ የአስተባባሪው ተብሎ ድርሻው በተግባሮቹ ይከፋፈላል፣ ወይ ይሰረዛሉ። «የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው» ለጋሽ ዘንድ አይሠራም። በሌላ በኩል ደግሞ ድምሩ ዜሮ የሆነ ተግባር አለ? ርክክቡ ዜሮ ከሆነ ወይ ወጪው ተረስቷል፣ ወይ በእርግጥ ወጪ የለውም። ወጪ ከሌለው ማብራሪያው «ርክክቡ በመጨረሻው የክትትል ጉዞ ላይ ስለሚፈጸም ለብቻው ወጪ አልተያዘለትም» ይበል።

የምንዛሪው ጉዳይ ከተግባር ጋር ባይያያዝም ማብራሪያው ውስጥ ቦታ ያስፈልገዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከዚያ በፊት በዶላር የጸደቀ በጀት የነበረው ድርጅት በእጁ ያለው ብር በዛለት፤ የሲሚንቶና የነዳጅ ዋጋ ግን ከኋላው ይከተላል። ማብራሪያው ላይ «የተሠራው በዚህ ቀን፣ በዚህ ባንክ ምንዛሪ ነው» የሚል አንድ መስመር ያሰፈረ ድርጅት ለማስተካከያ የሚነሳበት መሬት አለው።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬው ጎልቶ የሚታየው ለጋሹ «ፕሮጀክታችሁን ወደነዋል፣ ነገር ግን ገንዘቡን ቀንሱ» ሲል ነው። በጀቱ ከተግባር ያልተያያዘበት ድርጅት ከሁሉም መስመር እኩል ይሸራርፋል፤ አበሉ ይቀንሳል፣ ነዳጁ ይቀንሳል፣ ሦስቱ ምንጮች ግን እንዳሉ ናቸው፣ ሥራውም ከመጀመሩ በፊት ታሟል። የእኛ ማኅበር ግን ሦስተኛው ምንጭ ቢወጣ ምን እንደሚተርፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያውቃል። ከጉዞው አንድ የጥናት፣ ስምንት የቁጥጥርና ሁለት የክትትል፣ በድምሩ 11 ጉዞ ይወጣል፤ 110 ሊትር ነዳጅ ማለት ነው። ከሥልጠናው የሰባት ሰው አበል፣ ትራንስፖርት፣ ምግብና ደብተር፣ በድምሩ 16,800 ብር ይቀራል። የአዳራሹ ኪራይና የአሠልጣኞቹ አበል ግን አይቀነሱም፤ 14 ሰውም ቢሆን አዳራሽ ይፈልጋል፣ አሠልጣኞቹም ያንኑ ሦስት ቀን ይቆማሉ። ስለዚህ ከሥልጠናው ሲሶውን አንሱ ቢባል ማኅበሩ የሚመልሰው ከ67,100 ወደ 50,300 እንጂ ከዚያ በታች እንደማይወርድ ነው፤ የየመስመሩም ስሌት አብሮ ይላካል።